ማሻሻያው ከወጣ በኋላ ያሉት ቀናት

በትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፦ «ኮምፒውተሩ ደኅና እየሠራ ለምን አፕዴት አድርጉ ይለናል?» ወላጆችም ስለ ስልኮቻቸው ይህንኑ ይጠይቁናል። መልሱን እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለምን ባወከው «ዋናክራይ» በተባለው ቫይረስ ታሪክ ብናየው ይቀላል።

ዊንዶውስን የመሰለ ፕሮግራም በብዙ ሚሊዮን መስመሮች የተጻፈ ነው። የሚጽፉት ሰዎች ስለሆኑ ስሕተት አይጠፋውም፤ ስሕተቱ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ግን አንድ ሰው እስኪያገኘው ድረስ አይታወቅም። ያልታየ ቀዳዳ አይደፈንም። የደኅንነት ማሻሻያ (ፓች) ክፍተቱ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ስለዚህ ነው።

ዋናክራይ የተጠቀመበት ክፍተት ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ፋይል በሚለዋወጡበት የዊንዶውስ ክፍል ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙ ከሌላ ኮምፒውተር የሚመጣለትን መልእክት መጠን ሲያሰላ ይሳሳት ነበር። አንድ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ሁለት ሊትር ውሃ ብንቀዳ ትርፉ ወደ ውጭ እንደሚፈስ ሁሉ፣ ትርፉ መልእክትም ለሌላ ሥራ ወደተያዘ የሜሞሪ ቦታ ይፈስሳል። አጥቂው ይህን ትርፍ በትእዛዝ መልክ አስልቶ ካዘጋጀው ኮምፒውተሩ ትእዛዙን ይፈጽማል። ባለቤቱ አጠራጣሪ ደብዳቤ መክፈት እንኳ አያስፈልገውም።

ማይክሮሶፍት ክፍተቱን የሚደፍነውን ማሻሻያ MS17-010 በሚል መለያ ማርች 14 ቀን 2017 አወጣ። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ማሻሻያ መድኃኒት ብቻ ሳይሆን አዋጅም ነው። ሙያው ያለው ሰው አሮጌውንና አዲሱን ፕሮግራም ጎን ለጎን አስተያይቶ የተለወጠውን ቦታ ካገኘ፣ ቀዳዳው የት እንደነበረ ይረዳል። ስለዚህ ማሻሻያው በወጣ ቀን ላልጫነው ሰው አደጋው ይጨምራል እንጂ ባለበት አይቆይም።

በዚህ ታሪክ ነገሩ ከዚያም ፈጠነ። አፕሪል 14 ቀን «ሻዶው ብሮከርስ» የተባለ ቡድን በዚሁ ክፍተት የሚገባ የተዘጋጀ መሣሪያ በይፋ ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ቀዳዳውን ለመጠቀም ብዙ ሙያ አላስፈለገም። ሜይ 12 ቀን፣ ማሻሻያው በወጣ በ59ኛው ቀን፣ ዋናክራይ ተነሣ። ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻ 300 ዶላር በቢትኮይን ይጠይቅ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን በከለ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ የሕሙማን ቀጠሮዎች ተሰረዙ። MS17-010ን አስቀድመው የጫኑ ኮምፒውተሮችን ግን በዚህ ቀዳዳ ሊገባባቸው አልቻለም። ይህ ሁሉ ከታየ በኋላም ያልጫኑ ነበሩ፤ ጁን 27 ቀን «ኖትፔትያ» የተባለ ሌላ ቫይረስ ከዩክሬን ተነሥቶ ሲዛመት፣ ከተጠቀመባቸው መንገዶች አንዱ ያው ቀዳዳ ነበር።

የአንዱ መዘግየት ለሌላውም ይተርፋል። በአንድ ኔትወርክ ላይ ካሉ 20 ኮምፒውተሮች 19ኙ ማሻሻያውን ጭነው አንዱ ቢቀር፣ ቫይረሱ በዚያ በአንዱ ይገባል። ወደ 19ኙ በቀዳዳው መሻገር ባይችልም፣ የተበከለው ኮምፒውተር የጋራ ፎልደር ከፍቶ የመጻፍ ፈቃድ ካለው በዚያ ያሉትን ፋይሎች ይቆልፋቸዋል። የተማሪዎች የውጤት መዝገብ በጋራ ፎልደር የተቀመጠ ከሆነ፣ ያጣነው የአንድ ማሽን ሥራ ብቻ አይሆንም።

ሰዎች ማሻሻያ የሚያዘገዩት በስንፍና ብቻ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ አዲሱ ማሻሻያ የቆየ ፕሮግራምን ወይም ፕሪንተርን ያስቆማል። ለዚህ የሚሻለው በመጀመሪያ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሞክሮ፣ ደኅና ከሠራ በጥቂት ቀናት ውስጥ በሌሎቹ ላይ መጫን ነው። ማሻሻያው ከተበከሉ በኋላ ቢጫን የተቆለፈውን ፋይል አይከፍትም፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል። ፋይሉን የሚመልሰው ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የተቀመጠ ቅጂ ነው።

በቤታችሁ ያለውን ኮምፒውተር ለማየት Windows Update የሚለውን ክፈቱና Update history በሚለው ሥር የመጨረሻው ማሻሻያ የተጫነበትን ቀን አንብቡ። ማይክሮሶፍት በየወሩ ማሻሻያ ስለሚያወጣ፣ ቀኑ ከሁለት ወር በላይ ከሆነ አንድ ነገር ተቋርጧል ማለት ነው። Restart now የሚል ጽሑፍ ካያችሁም ሥራችሁን አስቀምጡና ኮምፒውተሩን አጥፍቶ እንዲያስነሣው ፍቀዱለት፤ ብዙውን ጊዜ ማሻሻያው ቢወርድም ይህ እስኪሆን ቀዳዳው እንደተከፈተ ነው።