አንዲት እንቁላል ለሁለት ስትከፈል
(ለቤት ባልትና ትምህርት የቀረበ ጥናት)

አንድ የኬክ አሠራር መመሪያ በግማሽ ይሠራ ሲባል ዱቄቱ በግማሽ፣ ስኳሩ በግማሽ፣ ወተቱ በግማሽ እያልን ያለ ችግር እንወርዳለን። «እንቁላል 1» የሚለው መስመር ላይ ስንደርስ ግን እጃችን ይቆማል። ዱቄት የሚሰፈር ነገር ነው፤ እንቁላል ግን የሚቆጠር ነገር ነው። ገበያ ላይም ቢሆን አቦምሳ ይሁን አሰላ እንቁላል የምንገዛው በቁጥር እንጂ በሚዛን አይደለም። በቁጥር የለመድነውን ነገር ወደ ልክ መለወጥ አለብን፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ይኸው ነው።

ጉዳዩ እኛን እጩ መምህራንን በቀጥታ ይነካናል። ነገ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ለተግባር ትምህርት የሚገኘው ዕቃ ጥቂት ነው። አንዲት እንቁላል ለሁለት ቡድን ትብቃ ቢባል፣ ኬኩ ጎማ ሆኖ ወይም ተፈርፍሮ ቢወጣ፣ ተማሪው የሚማረው ነገር «ትምህርት ቤት የተሠራ አይበላም» የሚለውን ብቻ ይሆናል።

1. ሙሉዋን ብንጨምራትስ?

ብዙ ሰው «አንዲት እንቁላል ምን ታመጣለች?» ብሎ ሙሉዋን ይደፋታል። ታመጣለች። ከእንቁላል ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ውሃ ነው። የቀረው በአብዛኛው ፕሮቲንና ቅባት ነው። ፕሮቲኑ እሳት ሲነካው ይረጋል፤ የተቀቀለ እንቁላል የሚጠነክረው በዚሁ ምክንያት ነው። ኬክ ውስጥም እንዲሁ እየረጋ ሊጡን አያይዞ ያቆመዋል። ዱቄቱ በግማሽ ቀንሶ እንቁላሉ ግን ሙሉ ከሆነ የሚያያይዘው ነገር ከሚያያዘው ይበዛል። ኬኩ በጣት ሲጫን እንደ ጎማ ይመለሳል፤ ሲቆረጥ ረዣዥም ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ሽታውም የእንቁላል ቅቅል ሽታ ይሆናል።

ጭራሽ ብንተዋትስ? ያን ጊዜ ደግሞ የሚያያይዘው ያንሳል። ኬኩ ከመጋገሪያው ሲወጣ ይሰነጠቃል፣ ቢላዋ ሲነካው ይፈረፈራል።

አስኳሉን ብቻ ወይም ነጩን ብቻ መጨመርም እንደ ግማሽ አይቆጠርም። ቅባቱ ያለው ማለት ይቻላል ሁሉም በአስኳሉ ውስጥ ነው። ነጩ ግን ውሃና ፕሮቲን ስለሆነ ብቻውን ሲገባ ኬኩን ያደርቀዋል። አስኳል ብቻ ደግሞ ኬኩን ያከብደዋል። ለብስኩት ከሆነ አንድ አስኳል ከአንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ውሃ ጋር ተመትቶ ሊያገለግል ይችላል፤ ብስኩት መነፋት አይጠበቅበትምና። ለስላሳ መሆን ላለበት ኬክ ግን አስኳሉም ነጩም በመጠናቸው ያስፈልጋሉ።

2. የማን እንቁላል?

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። ከውጭ አገር የመጡ የምግብ መጻሕፍት «እንቁላል 1» ሲሉ በአብዛኛው ያለ ቅርፊቱ 50 ግራም ያህል የሚመዝነውን ማለታቸው ነው። ይህ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ነው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ግን ከነቅርፊቱ 40 ግራም ገደማ ነው፤ ቅርፊቱ ሲወጣ 35 ግራም ያህል ይቀራል። ስለዚህ የመጽሐፉ ግማሽ እንቁላል 25 ግራም ሲሆን የእኛዋ ሙሉ እንቁላል 35 ግራም ናት። የሐበሻዋን ለሁለት ብንከፍላት የምናገኘው 17 ግራም ተኩል ነው፤ ይህም መጽሐፉ ከሚፈልገው በጣም ያንሳል።

በማንኪያ እንየው። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል ብንል፣ የመጽሐፉ እንቁላል ተመትቶ 10 ማንኪያ ያህል ይሆናል፤ ግማሹ 5 ማንኪያ ነው። የሐበሻዋ 7 ማንኪያ ያህል ትወጣለች። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት እንዲህ ነው፦ መመሪያው ከውጭ መጽሐፍ የተወሰደ ከሆነ 5 ማንኪያ እንለካለን። መመሪያው እዚሁ በሐበሻ እንቁላል እየተሠራ የኖረ ከሆነ ግን የተመታችውን እንቁላል ትክክል ለሁለት እንከፍላለን።

3. አከፋፈሉ

እንቁላሏን መጀመሪያ ለብቻዋ በሲኒ ውስጥ እንሰብራለን። የተበላሸች ብትሆን ሌላውን ዕቃ እንዳታበላሽ ነው። ቀጥሎ በጣት ጫፍ የተቆነጠረ ጨው እንጨምርባታለን። ጨው ነጩን ያላላዋል፤ ያለ ጨው ነጩ እንደ ንፍጥ እየተጎተተ ወደ አንዱ ወገን ተጠቃሎ ይሄድና አከፋፈሉን ያበላሻል። ይህችን ቁንጥር በኋላ ከሚገባው ጨው ላይ መቀነስ ነው።

ከዚያ በሹካ ከሲኒው ወለል ሳንለቅ ቀስ ብለን እናዋህዳለን። ከፍ አድርጎ መምታት አያስፈልግም። አረፋ ከተነሳ ማንኪያው የሚይዘው አየር ነው፤ አምስት ማንኪያ ለካን ብለን ሦስቱን ብቻ ጨምረን ልንገኝ እንችላለን። አረፋ ከወጣ ለጥቂት ደቂቃ አሳርፎ መጠበቅ ነው። መዋሃዱ የሚታወቀው ማንኪያው ወደ ላይ ሲነሳ ክር ሳይጎትት ሲንጠባጠብ፣ ቀለሙም ነጭ መስመር ሳይታይበት አንድ ዓይነት ቢጫ ሲሆን ነው።

አሁን በአንድ ማንኪያ ብቻ እንለካለን። የቤት ማንኪያ አንዱ ከሌላው ይለያያልና መሀል ላይ ማንኪያ መለወጥ ልኩን ያዛባዋል። ለሁለት እኩል መክፈል ብቻ ከሆነ የተፈለገው ደግሞ ማንኪያም ላያስፈልግ ይችላል። ሁለት አንድ ዓይነት ብርጭቆ ጎን ለጎን በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ የሁለቱ ከፍታ እኩል እስኪሆን እያፈራረቁ መቅዳት ይበቃል።

የተረፈው እንቁላል ለሌላው ቡድን ይሰጣል ወይም ያኔውኑ ይጠበሳል። እንደ አቦምሳ ባለ ሞቃት አገር የተሰበረ እንቁላል ያለ ማቀዝቀዣ ማሳደር አይገባም።

4. አንድ መመሪያ በግማሽ

መጽሐፉ የሚለው እንዲህ ነው እንበል፦ የስንዴ ዱቄት 200 ግራም፣ ስኳር 120 ግራም፣ ቅቤ 60 ግራም፣ ወተት 150 ሚሊ ሊትር፣ ቤኪንግ ፓውደር 2 የሻይ ማንኪያ፣ እንቁላል 1፤ መጋገሪያው ክብ ሆኖ የአፉ ስፋት 20 ሳንቲ ሜትር።

በግማሽ ሲሠራ ዱቄቱ 100 ግራም፣ ስኳሩ 60፣ ቅቤው 30፣ ወተቱ 75 ሚሊ ሊትር (15 የሻይ ማንኪያ)፣ ቤኪንግ ፓውደሩ 1 ማንኪያ፣ የተመታው እንቁላል 5 ማንኪያ ይሆናል። ቅቤና ስኳሩን እስኪነጡ ማሸት፣ እንቁላሉን ሁለት ጊዜ ከፍሎ ማስገባት፣ በመጨረሻ ዱቄቱንና ወተቱን እያፈራረቁ መጨመር ነው። ዱቄቱ ከጠፋ በኋላ ማማሰሉን ማቆም ነው፤ ብዙ ያማሰሉት ሊጥ ያለ እንቁላሉ ጥፋት ጎማ ይሆናል።

ያለችን አንዲት የሐበሻ እንቁላል ብቻ ሆና መክፈሉ ካልተመቸስ? ሙሉዋ ትግባ። ትርፉ 2 ማንኪያ ብቻ ስለሆነ ከወተቱ 2 ማንኪያ እንቀንሳለን። ኬኩ ጥቂት ጠንከር ይላል እንጂ አይበላሽም። በፈረንጅ እንቁላል ግን ይህን ማድረግ አይቻልም፤ ትርፉ 5 ማንኪያ ነውና ወተት በመቀነስ ብቻ አይካካስም።

5. መጋገሪያውም ይከፈላል

እንቁላሉን በትክክል ከፍሎ መጋገሪያውን መርሳት ሁሉንም ያጠፋዋል። ግማሽ ሊጥ በ20 ሳንቲ ሜትሩ ዕቃ ላይ ሲፈስ ስስ ይሆንና ሳይነፋ ይደርቃል። ታዲያ የ10 ሳንቲ ሜትር ዕቃ ይበቃ ይሆን? አይደለም፤ እዚህ ላይ ሒሳብ ይጠይቀናል። የሁለት ክቦችን ስፋት የምናወዳድረው የየአንዳንዱን ሬዲየስ በራሱ አባዝተን ነው። የ20ው ሬዲየስ 10 ሲሆን በራሱ ሲባዛ 100 ነው፤ የ10ሩ 5 በ5፣ 25 ነው። ይህ ግማሽ ሳይሆን ሩብ ነው። 50 የሚሰጠን ሬዲየስ 7 ያህል ነው (7 በ7፣ 49)። ስለዚህ የሚስማማው ዕቃ የአፉ ስፋት 14 ሳንቲ ሜትር የሆነው ነው።

ትንሽ ኬክ ቶሎ ይበስላል። ከላይና ከታች ፍም አድርገን በብረት ድስት ስንጋግር መጽሐፉ ከሚለው ጊዜ ሁለት ሦስተኛው ሲሞላ ንጹሕ ስንጥር መሀሉ ላይ እንወጋለን። ስንጥሩ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ በስሏል።

6. ጥፋቱን ከእንቁላሉ ላይ ብቻ እንዳንፈልግ

ኬኩ እሳት ላይ ቶሎ ተነፍቶ በኋላ መሀሉ ቢሰረጉድ ምክንያቱ እንቁላሉ ላይሆን ይችላል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በከፍታ ላይ የአየር ግፊት ስለሚያንስ ቤኪንግ ፓውደር የሚያወጣው ጋዝ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል፤ ሊጡ ሳይረጋ አልፎ ይነፋና ይወድቃል። በዝቅተኛ ቦታ የተጻፈ መመሪያ አሰላ ላይ ሲሠራ ከቤኪንግ ፓውደሩ ሩብ ያህሉን መቀነስ ይጀመራል። አቦምሳ ከአሰላ ዝቅ ያለች ስለሆነች ከዚያ ያነሰ መቀነስ ይበቃታል።

እንግዲህ ምልክቶቹን እንለይ። ጎማ የሆነና የእንቁላል ሽታ ያለው ኬክ እንቁላል በዝቶበታል። የሚፈረፈር ኬክ እንቁላል አንሶታል፤ አረፋ የተለካ ከሆነም እንዲሁ ይሆናል። መሀሉ የሰረጎደ ቤኪንግ ፓውደር በዝቶበታል ወይም ሳይበስል ወጥቷል። ስስና ደረቅ የሆነ መጋገሪያው ሰፍቶበታል።

ጥያቄ ለአንባቢያን፦ አንድ መመሪያ 3 የፈረንጅ እንቁላል ይጠይቃል። እኛ ግማሹን ልንሠራ ነው፤ ያለን የሐበሻ እንቁላል ነው። ስንት እንቁላል እንስበር? ስንት ማንኪያስ ይተርፋል? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉት።