የባንክ ደብተሩ በማን ስም ይሁን? የባልና ሚስት ገንዘብና የትልቅ ወጪ ውሳኔ

በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ከአንድ ባለትዳር ገበሬ ቤት ገብታችሁ የመሬቱን ደብተር አሳዩን ብትሉ፣ ከሣጥን ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚወጣው ደብተር የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ አለበት። በ1995 ዓ.ም. የይዞታ ምዝገባው በክልላችን ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ እዚሁ አጠገባችን ያለው ጎዛምን ነበር። እንግዲህ ገበሬው በዋናው ሀብቱ ላይ ሚስቱን አስመዝግቦ ይኖራል። ወደ ደብረ ማርቆስ ከተማ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱም ደመወዝተኛ የሆኑ ባልና ሚስት ብዙ ጊዜ ሁለት የባንክ ደብተር አላቸው፤ በእያንዳንዱ ላይ ያለው ስም ግን አንድ ነው። ታዲያ ገንዘቡ የማን ነው? ትልቁን ወጪስ የሚወስነው ማን ነው?

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «ደብተሩ በስሜ ነው» ማለትና «ገንዘቡ የእኔ ነው» ማለት አንድ አይደለም። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት ባልና ሚስት ከጋብቻ በፊት የነበራቸው፣ እንዲሁም በውርስ ወይም በስጦታ ያገኙት ንብረት የግል ሆኖ ይቆያል። በትዳር ውስጥ በሥራቸው የሚያገኙት ገቢ ግን የጋራ ነው። የግል ንብረት የሚያስገኘው ገቢ እንኳ የጋራ ነው፤ ለምሳሌ ሚስት ከአባቷ የወረሰችው ቤት ቢኖር ቤቱ የእርሷ ነው፣ የኪራዩ ብር ግን የሁለቱ ነው። አማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 አውጥቷል፤ መንፈሱ ተመሳሳይ ነው።

ስለዚህ ደመወዝ በባል ስም ብቻ ቢገባም የጋራ ገንዘብ ነው። በደብተሩ ላይ ያለው ስም የሚወስነው ከባንኩ መስኮት ቀርቦ ማን ማውጣት እንደሚችል ብቻ ነው። ባንኩ «ባለቤትህ ታውቃለች ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። በእውነት ንብረታችን የተለያየ ይሁን የሚሉ ጥንዶች ሌላ መንገድ አላቸው፤ እርሱም የጋብቻ ውል ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ፣ በባል በኩል ሁለት በሚስት በኩል ሁለት ምስክሮች ፈርመውበት፣ ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ መደረግ አለበት። ከተጋቡ በኋላ እርስ በርስ የሚዋዋሉት ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ሁለት ደብተር መክፈት ይህን አይተካም።

የጋራ ሒሳብ ለመክፈት የሚሄዱ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል። አወጣጡ «ወይም» ይሁን ወይስ «እና»? «ወይም» ከሆነ ከሁለቱ አንዳቸው ብቻቸውን ፈርመው ሁሉንም ማውጣት ይችላሉ። «እና» ከሆነ ሁለቱም ካልፈረሙ አንድ ብር አይንቀሳቀስም። ብዙዎች ይህን ሳያስቡበት በጥድፊያ ይመልሱታል፤ ኋላ ሲጣሉ ነው ትዝ የሚላቸው። «ወይም» ለአስቤዛና ለድንገተኛ ሕመም ይመቻል፣ ነገር ግን አንዱ በአንድ ቀን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። «እና» ይጠብቃል፤ ሆኖም አንዳቸው ለሥራ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ከሄዱ ቤት ያለው ሰው በገዛ ገንዘቡ ይቸገራል።

እንግዲህ በምሳሌ እንየው። ባል በእጁ 9,000 ብር፣ ሚስት 6,000 ብር በወር ያገኛሉ እንበል። ለቤት ኪራይ፣ ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለከሰል፣ ለእድርና ለልጅ ትምህርት 9,000 ብር ይወጣል። «እኩል እናዋጣ» ቢባል እያንዳንዳቸው 4,500 ይከፍላሉ፤ ያን ጊዜ ለባል 4,500፣ ለሚስት 1,500 ብር ይተርፋል። እኩል የተባለው እኩል አልሆነም ማለት ነው። በገቢያቸው መጠን ቢያዋጡ ግን ባል 5,400፣ ሚስት 3,600 ይከፍላሉ። ይህ «ወይም» በሚለው የጋራ ሒሳብ ይገባል። ከቀሪው ባል 1,800፣ ሚስት 1,200፣ በድምሩ 3,000 ብር በየወሩ «እና» በሚለው ሒሳብ ያስቀምጣሉ። ይህ የቤት መሥሪያው፣ የክፉ ቀኑ ገንዘብ ነው። ለየራሳቸው ባል 1,800፣ ሚስት 1,200 ይቀራቸዋል፤ ይህንን ማንም ማንንም አይጠይቅም። እናቷ ሻሽ አማረኝ ብትላት ከዚሁ ትገዛለች፣ እርሱም ከጓደኞቹ ጋር ጠላ ቢጠጣ ከዚሁ ነው።

በዚህ አሠራር የትልቅ ወጪ ድንበር በራሱ ይገኛል። ከግል ድርሻ የማይሸፈን ሁሉ ትልቅ ወጪ ነው፤ ሳይነጋገሩ አይነካም። ለአባት በሬ መግዛት፣ የወንድም ሠርግ፣ ተዝካር እዚህ ይገባሉ። እቁብም እንዲሁ ነው። መዋጮው ከቤቱ ወጥቶ ዕጣው በአንዱ ስም ሲወጣ «የእኔ እቁብ» ይባላል፤ ከየትኛው ድርሻ እንደሚጣል ቀድሞ ካልተባለ ጭቅጭቅ አይቀርም። ገቢያቸው የነጋዴ ከሆነ ግን ይህ ስሌት እንዳለ አይሠራም፤ ገበያው ስለሚዋዥቅ መጀመሪያ የንግዱን መንቀሳቀሻ ከቤቱ ገንዘብ መለየት ይቀድማል።

አሁን ወጪ የማይመስለውን ትልቁን ወጪ ላንሣ፤ እርሱም ዋስትና ነው። በእኛ አገር ደመወዝተኛ ማለት ለዘመድ ሁሉ ዋስ ማለት ነው። የአጎት ልጅ ብድር ይጠይቃል፣ ባል ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማስረጃ አጽፎ ይፈርማል። ከኪሱ አንድ ብር ስላልወጣ ለሚስቱ መንገርም አይታየው። ሕጉ ግን የጋራ ቤትን መሸጥና በመያዣ መስጠት፣ ከ500 ብር በላይ መበደር፣ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆን የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል ይላል። ስጦታም ከ100 ብር ካለፈ እንዲሁ ነው። (እነዚህ አኃዞች በ1992 ዓ.ም. የተጻፉ ናቸው፤ ዛሬ በ100 ብር ዶሮ እንኳ አይገዛም፣ ማንም ሲጠብቃቸውም አላየሁም።)

የሚያስፈራው ተበዳሪው ሳይከፍል ሲቀር ነው። የአንዱ ተጋቢ ዕዳ መጀመሪያ ከግል ንብረቱ ይከፈላል፤ የግል ንብረት ከሌለው ግን ከጋራው ይወሰዳል። ደመወዝ ብቻ ያለው ቤተሰብ ምን የግል ንብረት ይኖረዋል? የተለያየ ደብተር መያዝም ከዚህ አያድንም። ሚስት ነገሩን የምትደርስበት ብዙ ጊዜ ደመወዙ ጎድሎ ሲመጣ ነው። ስለዚህ በወር አንድ ቀን የሁለቱንም የደመወዝ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ የተቀናሹን ዓምድ ማየት ይበቃል። «ቁጠባና ብድር» ወይም «ዕዳ» የሚል የማታውቁት ተቀናሽ ካለ መጠየቅ ነው። ሕጉም ስለ ገቢው መረጃ የመጠየቅ መብት ለእያንዳንዱ ተጋቢ ይሰጣል፤ ይህ ያለመተማመን ምልክት ተደርጎ መወሰዱ አይገባኝም።

ያለ ስምምነት የተፈረመ ዋስትና ከተገኘ ያልተስማማው ወገን በፍርድ ቤት እንዲፈርስለት ሊጠይቅ ይችላል። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ነገሩን ካወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ያም ሆነ ይህ ውሉ ከተፈረመ ሁለት ዓመት ሳያልፍ መሆን አለበት። «ሽማግሌ ይየው» እየተባለ አንድ ፋሲካ ካለፈ ስድስቱ ወር አልቋል፤ ስለዚህ ሽምግልናው እየተካሄደም ቢሆን የውሉን ግልባጭና የተፈረመበትን ቀን ቶሎ መያዝ ያስፈልጋል።