አለቃው ሲያንቋሽሽ፦ በግል መነጋገር፣ ሽምግልና ወይስ አቤቱታ?

ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነችኝ በአንድ የግል አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት የምታገለግል እህት ናት። አራት ዓመት ሠርታለች። አዲስ የፋይናንስ ክፍል ኃላፊ ከመጣ ስምንት ወር ሆኖታል። የመጣችልኝ ምክር ፈልጋ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ይዛ ነበር፦ «የሚያደርገኝን ለባለቤቱ ብነግር ሐሜት ይሆንብኛል ወይ?» የሚል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የክፍሉ ሠራተኞች ሰኞ ሰኞ ጠዋት ይሰበሰባሉ። በአንደኛው ሰኞ ኃላፊው የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያዋን አንስቶ ስድስት ሰው ባለበት «ይህን የሠራው ሰው ነው ወይስ ሕፃን ልጅ?» አለ። ልዩነቱ 12,400 ብር ነበር፤ ምክንያቱም ተጽፎ የወጣ አንድ ቼክ ገና ባንክ ቀርቦ ስላልተመነዘረ ነው። ማስታረቂያ የሚባለው ሥራ ይህንን ልዩነት ለማሳየት የሚሠራ መሆኑን ሂሳብ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ለማስረዳት አፏን ስትከፍት «ተይው፣ ለአንቺ ቢያስረዱሽም አይገባሽም» አላት። ሁለት ባልደረቦቿ ሳቁ።

በዚህ ጊዜ ዘመድ አዝማድ የሚሰጠውን ምክር ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ «ቻይው፣ እንጀራሽ ነው» ይላል፤ ሌላው «ክሰሺው» ይላል፤ ትልልቆቹ ደግሞ «ሽማግሌ ይግባበት» ይላሉ። ሦስቱም የሚናገሩት እንደየራሳቸው ጠባይ ነው። የትኛው መንገድ እንደሚሻል የሚወስኑት ግን ጥቂት ነገሮች ናቸው፦ ድርጊቱ ስንት ጊዜ ተደጋገመ? በምን ሊረጋገጥ ይችላል? በመሐል የሚገባውስ ሰው እንጀራው በአለቃው እጅ ነው ወይስ አይደለም? ከእነዚህ ሌላ ብዙ ሰው የማያስበው የጊዜ ጉዳይም አለ፤ ወደኋላ እመለስበታለሁ።

አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሆነ ነገር ከሆነ፣ ደመወዝና የሥራ ግምገማ ላይ እጁን ካላሳረፈ፣ መጀመሪያ በግል መነጋገር ተገቢ ነው። አንዳንድ አለቃ አንደበቱ እንደሚያቆስል በእውነት አያውቅም፤ እርሱም ያደገው እንዲሁ እየተሰደበ ነውና። ይሁን እንጂ የግል ንግግር የሚበላሸው በአነጋገሩ ነው። በተናደዱበት ቀን አይሆንም፣ በስልክ መልእክትም አይሆንም። አስራ አምስት ደቂቃ ይጠየቃል። እህታችን ከወንድ ጋር በዝግ ክፍል ብቻዋን መሆን ስለማትሻ በሩ ክፍት ሆኖ ሌሎቹ ለምሳ በወጡበት ሰዓት ተነጋገረች፤ ይህ ለዲኗም ለስሟም የሚበጅ ነበር፣ ንግግሩንም አላስተጓጎለውም።

ምን አለች? «ሰኞ ዕለት ስድስት ሰው ባለበት ‹ሰው ነው ወይስ ሕፃን ልጅ› ብለውኛል። ስህተት ካለብኝ ይንገሩኝ፣ አርማለሁ። ነገር ግን የሥራውን ስህተት ብቻ ቢነግሩኝ፣ ስለ እኔ የሚሉት ካለ ደግሞ ለብቻዬ ቢያደርጉልኝ እለምንዎታለሁ።» አንድ ቀን፣ አንድ ቃል፣ አንድ ጥያቄ። «ይንቁኛል» አላለችም፤ ብትል ኖሮ ክርክሩ በልቡ ስላለው ነገር ይሆን ነበር፣ የልብን ደግሞ አላህ እንጂ ሰው አያውቅም። «ሠራተኛው ሁሉ ይማረርብዎታል» አላለችም፤ ይህ አባባል አለቃውን ወደ ራሱ ጥፋት አይመልሰውም፣ የተማረረውን ሰው ማደን ያስጀምረዋል እንጂ። ወደ ወንበሯ ስትመለስ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የተባባሉትን በማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ይህ ደብተር በኋላ ዋጋ አውጥቷል።

የግል ንግግር መስራቱ በአለቃው ፈገግታ አይታወቅም። ቀጥሎ ስህተት ሲገኝ ምን እንደሚል ነው የሚታየው። ደግሞም ስድቡ ጠፍቶ ከስብሰባ መገለል፣ የለመዱትን ሥራ መነጠቅ ቢጀምር ነገሩ መልኩን ለወጠ እንጂ አልቆመም። በእህታችን ዘንድ ሦስት ሳምንት ጥሩ ሆነ። በአራተኛው ሳምንት አስራ አንድ ሠራተኞች ባሉበት የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ «ሂሳብ የማይገባት ሂሳብ ሠራተኛ ይዘን የት እንደርሳለን» የሚል መልእክት ጻፈ።

ይህን ጊዜ ነው ሽምግልና የታሰበው። በባህላችንም በሃይማኖታችንም እርቅ ትልቅ ቦታ አለው፣ በዚህ አልከራከርም። የእኔ ቅሬታ ስለ አሠራሩ ነው። ሽምግልና የተለመደው እኩያ ለሆኑ ሰዎች ነው፤ ለጎረቤታሞች፣ ለባልና ሚስት፣ ለነጋዴዎች። አለቃና ምንዝር ሲቀመጡ ሽማግሌው እንደ ጠብ ያየዋል፣ ጠብ ደግሞ ሁለቱም ወገን ጥፋት እንዳለበት ያስገምታል። መጨረሻው «ይቅር ተባባሉ» ይሆናል። ለእህታችን የተመረጡት አንድ በዕድሜ የገፉ የመጋዘን ኃላፊ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው። ግን የትርፍ ሰዓት ክፍያቸውን የሚያጸድቀው ያው የፋይናንስ ኃላፊ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀመጡና «አንቺም ልጄ ሆደ ባሻ አትሁኚ፣ እሱም ያንቺኑ ማደግ ፈልጎ ነው» አሉ። የተሰደበችው እርሷ ሆና ይቅርታ የጠየቀችውም እርሷ ሆነች።

ደህና ሽምግልና እንዴት ይሁን ከተባለ፣ ሽማግሌው ከአለቃው ምንም የማይፈልግ መሆን አለበት፤ ከሌላ ክፍል የመጣ እኩያው ወይም ባለቤቱ የሚያከብረው ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ከማስቀመጡ በፊት እያንዳንዳቸውን ለብቻ ይሰማል፤ ታናሹ በታላቁ ፊት እውነቱን አይናገርምና። ስምምነቱ ስለ ፍቅርና መከባበር በጠቅላላው ሳይሆን ስለ ድርጊት ይሆናል፤ ለምሳሌ «በግሩፑ ላይ የግለሰብ ሥራ አይተችም»፣ «የሂሳብ ስህተት ለሠራተኛዋ በጽሑፍ ይነገራል»። ከአንድ ወር በኋላ ተመልሰው የሚያዩበት ቀንም ይቆረጣል። አለቃው ሁሉም ያየውን ነገር «አልተናገርኩም» ብሎ ከካደ፣ ወይም «ወደፊት የትም እንዳትከሺ» የሚል ቃል ካስገባ ሽምግልናው እዚያው ላይ ማቆም አለበት።

ጨርሶ ለሽምግልና የማይቀርብም ነገር አለ። ዱላ፣ የወሲብ ትንኮሳ፣ ከሥራ አባርርሻለሁ የሚል ዛቻ፣ በሂጃብ ወይም በሃይማኖት ላይ የሚሰነዘር ስድብ ከሆነ በቀጥታ ወደ አቤቱታ ይኬዳል።

አሁን ወደ ጊዜው ጉዳይ ልመለስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኛውን ሰብአዊ ክብር እንዲጠብቅ በአንቀጽ 12 ያስገድዳል። በአንቀጽ 32 ደግሞ አሠሪው ሰብአዊ ክብርንና ሞራልን የሚነካ ድርጊት ከፈጸመበት ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ እንደሚችል ይደነግጋል፤ ምክንያቱንና የሚለቅበትን ቀን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ነገር ግን ይህ መብት ለዘለዓለም አይቆይም። አንቀጽ 33 ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ 15 የሥራ ቀናት ብቻ ይሰጣል። ሽማግሌው «ከዑምራ ስመለስ እንጨርሰዋለን» ሲሉ ቀኑ እየሄደ ነው። ስለዚህ መልቀቅን እንደ አንድ አማራጭ የያዘ ሰው ሽምግልና ሲቀመጥ ቀኑን እየቆጠረ ይቀመጥ። የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ ግን በዚህ አዋጅ አትተዳደሩም፤ የራሳችሁ ሕግና የቅሬታ ሥርዓት አላችሁ።

እህታችን መልቀቅ አልፈለገችም። አቤቱታ ግን ፈራች፤ ፍርሃቷም ሁለት ነበር። አንደኛው ያው የሐሜት ነገር ነው። ኢማም ነወዊ «ሪያዱ ሷሊሒን» በተሰኘው ኪታባቸው ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ሲዘረዝሩ በመጀመሪያ ያስቀመጡት የተበደለ ሰው በደሉን ማስቆም ለሚችል አካል ማመልከቱን ነው። የዑትባ ልጅ ሂንድም ባለቤቷ አቡ ሱፍያን ለእርሷና ለልጆቿ በቂ ወጪ እንደማይሰጥ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስትናገር ንፉግነቱን አንስታ ነበር፤ እርሳቸውም መፍትሔውን ነገሯት እንጂ ሐሜት ነው ብለው አልመለሷትም። ልብ በሉ፣ ፈቃዱ የተሰጠው ማስቆም ለሚችል አካል ለመናገር ነው። በሻይ ሰዓት ለማይመለከተው ባልደረባ መተረክ በዚህ ውስጥ አይገባም፤ ደግሞም ያ ወሬ ዞሮ አለቃው ጆሮ ሲደርስ «ስሜን የምታጠፋው እርሷ ናት» ለማለት ይጠቅመዋል።

ሁለተኛው ፍርሃቷ መባረር ነበር። በዚሁ አዋጅ አንቀጽ 26 መሠረት ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ከሥራ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት አይሆንም። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ አለቃ ሠራተኛን የሚያስጨንቅበት መንገድ ከስንብት ሌላም ብዙ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህም ነው ማመልከቻው በማያጠራጥር መንገድ መጻፍ ያለበት።

የጻፈችው አንድ ገጽ ነበር። ሰኞ የተባለውን ከነቀኑና ከነቃሉ፣ በግል የተነጋገሩበትን ቀን፣ ሽምግልናው መሞከሩን፣ የቴሌግራሙን መልእክት ከነሰዓቱ ከቅጂው ጋር አቀረበች። «ጨካኝ»፣ «ክፉ» የሚል ቅጽል አንድም ቦታ የለም። ሳቁ ያልኳችሁን ባልደረቦቿን ምስክሮቼ ናቸው አላለችም፤ የሳቀ ሰው ስለ ሳቁ አይመሰክርም። «በስብሰባው የነበሩት ይጠየቁ» ብላ ብቻ አለፈች። መጨረሻ ላይ የምትፈልገውን ጻፈች፦ መልእክቱ ከግሩፑ እንዲነሳ፣ የሥራ ስህተት በጽሑፍ እንዲነገራት፣ የዓመቱ የሥራ ግምገማዋ በእርሱ ብቻ እንዳይሞላ። ይቀጣልኝ አላለችም። በሁለት ቅጂ አድርጋ ለድርጅቱ ባለቤት አስገባች፣ አንዱን ቅጂ «ደርሷል» አስብላ ከነቀኑ አስፈርማ ወሰደች። ፊርማ የሌለው ማመልከቻ ነገ «አላየሁም» ይባላል።

ባለቤቱ በዘጠነኛው ቀን ሁለቱንም በየተራ ጠራ። ኃላፊው «ቀልድ ነው» አለ። የቴሌግራሙ ቅጂ ጠረጴዛው ላይ ስለነበር ክርክሩ ብዙ አልገፋም። መልእክቱ ተነሳ። ግምገማዋን ከእርሱ ጋር የአስተዳደር ኃላፊዋ እንድትሞላው ተወሰነ። ኃላፊው ይቅርታ አልጠየቀም፣ ሰላምታውም እንደ ቀዘቀዘ ነው። ሰኞ የሚደረገው ስብሰባ ግን አሁን በቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ቃለ ጉባኤውን የምትይዘውም እርሷ ናት።