14 እና 9 ስንት ነው?

ቀጨኔ የሸክላና የሽመና ሠፈር ነው። በጉለሌ አንድ ወረዳ የሴቶች ጉዳይ ባለሙያ ናችሁ እንበል። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርታችሁ ላይ «ድጋፍ ያገኙ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ብዛት» የሚል መስመር አለ፤ መረጃው ያለው ግን ሥራና ክህሎት ጋ ነው። በተለመደው አማርኛችን «የሸክላ ሠሪዎች መረጃ በአስቸኳይ እንዲላክልን» ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

ሁለት ዝርዝር ይመጣላችኋል። ብድር ያገኙ 14፣ የመሥሪያ ቦታ ያገኙ 9። ደምራችሁ 23 ትጽፋላችሁ። አራቱ ሴቶች ግን ብድሩንም ቦታውንም ያገኙ ናቸው፤ እውነተኛው ቁጥር 19 ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ደምሬ ልኬ፣ ማስተካከያ ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የላከው ክፍል አልተሳሳተም፤ አንዱ መስመር ምን እንደሆነ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት «በአንድ መስመር አንዲት ሴት» ብላችሁ ጻፉ። ይህ ካልተባለ ማኅበራት በየመስመሩ ተደርድረው ሊመጡ ይችላሉ፤ አምስት አባላት ካሉት ማኅበር ውስጥ ስንቱ ሴት እንደሆነ ከዚያ አይወጣም። ቀጥሎ ዓምዶቹን በስማቸው ዘርዝሩ፦ ሙሉ ስም፣ የማኅበሩ ስም፣ ብድር (አዎ/የለም)፣ የመሥሪያ ቦታ (አዎ/የለም)፣ ድጋፉ የተሰጠበት ቀን፣ ወር፣ ዓመት።

ቀኑን ለሦስት የከፈልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ወሩን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ መስከረም 5ን 05/01/2018 ብትሉት ሜይ 1 አድርጎ ይወስደዋል። መስከረም 17ን 17/01/2018 ስትሉት ግን 17ኛ ወር ስለሌለው ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል። ምልክቱ ቀላል ነው፦ በአንድ ዓምድ ውስጥ ገሚሱ ቀን ወደ ቀኝ፣ ገሚሱ ወደ ግራ ተጠግቶ ካያችሁ ተበላሽቷል፤ በቅደም ተከተል አስተካክላለሁ ብትሉም ትክክል አይመጣም።

ወቅቱንም በቀን ወስኑት፦ «ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እስከ መስከረም 30 ቀን 2018 ዓ.ም፣ ጳጉሜን ጨምሮ»። የምትጠይቁት ጤና ጣቢያን ቢሆን ደግሞ የእነሱ ወር ከ21 እስከ 20 እንደሚሄድ አስቡ፤ «ሩብ ዓመት» ብቻ ካላችሁ ሁለታችሁም ልክ ሆናችሁ ቁጥሩ ይለያያል።

«በአስቸኳይ» ቀን አይደለም። ሪፖርታችሁ ሰኞ ጥቅምት 10 የሚገባ ከሆነ «እስከ ረቡዕ ጥቅምት 5 ቀን 2018 ዓ.ም፣ 6፡00 ሰዓት» በሉ፤ የቀሩት ቀናት ለማጣራት ናቸው። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ፣ ኃላፊው መርቶት፣ ባለሙያዋ ጠረጴዛ ላይ እስኪደርስ ቀናት ይበላል። ስለዚህ መስከረም አጋማሽ ላይ ይውጣ፤ የዓምዶቹ ርዕስ የተሞላበት ባዶ የኤክሴል ፋይልም በዚያው ቀን በቴሌግራም ለባለሙያዋ ይድረሳት። ደብዳቤው እስኪመራላት መሙላት ትጀምራለች።