በአንድ ጊዜ ወይስ በየወሩ?
ለረጅም ጊዜ አክሲዮን ለሚይዝ ሰው ሁለቱ አገባቦች በዋጋ ቁልቁለትና በጸጸት ሲመዘኑ

ቤት የሸጠ፣ ውርስ የደረሰው ወይም ከሽርክና የወጣ ሰው ጠቀም ያለ ጥሬ ገንዘብ በእጁ ይገባል። ገንዘቡን ለረጅም ዓመታት በአክሲዮን ላይ ለማዋል ከወሰነ በኋላም አንድ ጥያቄ ይቀረዋል። ሙሉውን ዛሬ ያስገባ ወይስ በእኩል መጠን ከፋፍሎ በየወሩ ይግዛ? ሁለተኛው መንገድ በገበያው ቋንቋ «ዶላር ኮስት አቨሬጂንግ» ይባላል። በየወሩ የሚወጣው ገንዘብ እኩል ስለሆነ ዋጋው ሲወርድ ብዙ፣ ሲወደድ ጥቂት አክሲዮን ይገዛል። በዚህም ምክንያት ደላሎች ለአዲስ ገቢ ደንበኛ አዘውትረው ይመክሩታል።

ከስሌቱ በፊት ከዚህ ዘዴ ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አሜሪካ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ ከደመወዙ በየወሩ ተቆርጦ «ፎር ኦ ዋን ኬይ» ወደሚባለው የጡረታ ቁጠባ ቢገባለት፣ ገንዘቡ በእጁ እንደደረሰ እየገዛ ነው እንጂ የያዘውን እየከፋፈለ አይደለም። እንዲሁም በአገራችን የባንክ አክሲዮን ፈርሞ ሩቡን ከፍሎ ቀሪውን በየጊዜው የሚከፍል ሰው ዋጋው በፈረመበት ቀን ተቆርጦለታል። ይህ የዕዳ አከፋፈል እንጂ ዋጋን ማማከል አይደለም። ጥያቄው የሚነሳው ሙሉው ገንዘብ በእጅ ሲሆንና ዋጋው በየቀኑ ሲለዋወጥ ብቻ ነው።

ለማነጻጸሪያ የሚያመቸው የብዙ ዓመታት መዝገብ ያለው የኒውዮርክ ገበያ ነው። ከዚህ በታች የቀረቡት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ዋጋዎቹ የ500 ታላላቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች መለኪያ የሆነው ኤስ ኤንድ ፒ 500 በየወሩ መጨረሻ የዘጋባቸው ናቸው። ስሌቱ እንዲቀልል የትርፍ ድርሻ፣ የባንክ ወለድ፣ ግብርና የደላላ ክፍያ አልተካተቱም።

ገበያው ሳይመለስ ሲወጣ

ሁለት ባለገንዘቦች በ1994 መጨረሻ እያንዳንዳቸው 12,000 ዶላር ያዙ እንበል። መለኪያው በ459 ነጥብ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ሙሉውን በዚያው ዕለት አስገባ። ሁለተኛው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 1995 በየወሩ መጨረሻ 1,000 ዶላር አስገባ። ያ ዓመት ገበያው ያለ ብዙ መንገራገጭ የወጣበት ነበርና ከፋፍሎ የገዛው በየወሩ ከፍ ባለ ዋጋ ገዛ። አማካይ የመግዣ ዋጋው 530 ሆነ።

በ1995 መጨረሻ መለኪያው 616 ላይ ሲዘጋ የመጀመሪያው 16,090 ዶላር፣ ሁለተኛው ደግሞ 13,950 ዶላር ያህል ነበራቸው። ልዩነቱ በዓመቱ የሚያበቃ አይደለም። ሁለተኛው የያዘው አክሲዮን ከመጀመሪያው በ13 በመቶ ያነሰ ስለሆነ፣ ሁለቱም ሳይሸጡ እስከያዙ ድረስ ያው የ13 በመቶ ጉድለት ይከተለዋል።

ይህ የአንድ ዓመት ዕድል ብቻ አይደለም። ቫንጋርድ የተባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ኩባንያ በ2012 ባወጣው ጥናት በአንድ ጊዜ መግባት በአሥራ ሁለት ወር ከፋፍሎ ከመግባት ጋር ሲወዳደር ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ አሳይቷል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ገበያው ከሚወርድባቸው ዓመታት የሚወጣባቸው ይበልጣሉ። በአሥራ ሁለት ወሩ ውስጥ ደግሞ ከፋፍሎ ከሚገባው ሰው ገንዘብ በአማካይ ግማሽ ያህሉ ከገበያው ውጭ ተቀምጦ ይጠብቃል።

ገበያው ሲወድቅ

ቀሪው አንድ ሦስተኛ ግን ሰው የሚፈራው ነው። እነዚሁ ሁለት ሰዎች በጥቅምት 2007 መጨረሻ፣ መለኪያው 1,549 ላይ ሳለ፣ በዚያው 12,000 ዶላር ጀመሩ እንበል። ገበያው የዚያን ዘመን ጫፉን የነካው በዚያው ወር ነበር። ከፋፍሎ የሚገዛው የመጨረሻውን 1,000 ዶላር ያስገባው በመስከረም 2008 መጨረሻ፣ ሌማን ብራዘርስ የተባለው ባንክ ከወደቀ በኋላ፣ መለኪያው 1,166 ላይ ሳለ ነው። አማካይ የመግዣ ዋጋው 1,352 ሆነ።

በዚያ ዕለት የመጀመሪያው ገንዘብ 9,030 ዶላር ደርሶ 25 በመቶ ያህል ጎድሏል። የሁለተኛው 10,350 ዶላር ሆኖ የጎደለው 14 በመቶ ነው። እስከዚህ ድረስ ከፋፍሎ መግዛት ቃሉን ጠብቋል።

ነገሩ የሚለወጠው ከዚህ በኋላ ነው። በየካቲት 2009 መጨረሻ መለኪያው 735 ላይ ዘጋ። በእነዚህ አምስት ወራት የሁለቱም ሀብት በእኩል 37 በመቶ ወደቀ። የሁለተኛው ጥሬ ገንዘብ አልቆ ሁሉም አክሲዮን ሆኗልና የሚከልለው ነገር አልነበረም። የመጀመሪያው 5,690 ዶላር ይዞ 53 በመቶ ሲጎድልበት፣ ሁለተኛው 6,530 ዶላር ይዞ 46 በመቶ ጎደለበት። አስቀድሞ ከሀብቱ ግማሽ ያህሉን ማጣት አልችልም ብሎ የከፋፈለ ሰው የፈራው ደረሰበት። የተለየው አንድ ዓመት መዘግየቱ ነው።

ከፋፍሎ መግዛቱ ምንም አልጠቀመም ማለት ግን አይደለም። ሁለተኛው 15 በመቶ ያህል ብልጫ ያለው አክሲዮን ይዟል። በወር መዝጊያ ሲታይ መለኪያው መጀመሪያ በሚያዝያ 2011 አማካይ የመግዣ ዋጋውን አልፎለታል። የመጀመሪያው የገዛበትን ዋጋ መልሶ ያየው በመጋቢት 2013 ነው። ይህ የሁለት ዓመት ልዩነት ከፋፍሎ የመግዛት እውነተኛ ጥቅም ነው። የቁልቁለቱ ጥልቀት ግን ብዙም አልተለወጠም።

ቁልቁለቱን የሚወስነው ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ሦስተኛ ሰው ይጨመር። እሱም በጥቅምት 2007 መጨረሻ 12,000 ዶላር ነበረው። ነገር ግን 7,200 ዶላሩን በአንድ ቀን አክሲዮን ገዝቶበት፣ 4,800 ዶላሩን በአጭር ጊዜ የመንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድ አስቀመጠ። በየካቲት 2009 መጨረሻ አክሲዮኑ 3,420 ዶላር ያህል ሆነ። ከሰነዱ ጋር 8,220 ዶላር ያህል ቀረው። የጎደለበት 32 በመቶ ነው። በጫፉ ላይ በአንድ ጊዜ የገባው ይህ ሰው፣ በጥንቃቄ አሥራ ሁለት ወር ከከፋፈለው ሰው ያነሰ ቁልቁለት አየ።

ትምህርቱም ይኸው ነው። ለረጅም ጊዜ የሚይዝ ሰው የሚያየውን የቁልቁለት ጥልቀት በዋናነት የሚወስነው የአገባቡ ፍጥነት ሳይሆን ከሀብቱ ስንት እጁ በአክሲዮን እንደሚቀመጥ ነው። ከፋፍሎ መግባት ዣንጥላው ለአንድ ዓመት ነው። የባለገንዘቡ ጉዞ ግን የሃያ ዓመት ነው፤ ዝናቡም ዣንጥላው ከታጠፈ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

የሦስተኛው ሰው መንገድም ነጻ አይደለም። በ2023 መጨረሻ መለኪያው 4,770 ላይ ሲዘጋ ሙሉውን ያስገባው 36,900 ዶላር ያህል ሲኖረው፣ ሦስተኛው በሰነዱ ላይ ያገኘው ወለድ ሳይቆጠር 27,000 ዶላር ያህል ብቻ ነበረው። ጥልቀቱን የቀነሰበት ዋጋ ይህ ነው።

ጸጸትና ቁጭት

ስሌቱ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ሰዎች ለምን ከፋፍለው ይገባሉ? አሜሪካዊው የፋይናንስ ምሁር ሜይር ስታትማን በ1995 ባወጣው ጽሑፍ መልሱን ከሒሳብ ሳይሆን ከሰው ጠባይ ፈልጎታል። ሰው ባደረገው ነገር የሚደርስበት ጉዳት ባለማድረጉ ካመለጠው ጥቅም ይበልጥ ያመዋል። አማርኛው ለሁለቱ ሁለት ቃል አለው። ዛሬ ገዝቶ ነገ የወደቀበት ሰው ይጸጸታል። ሳይገዛ የወጣበት ሰው ደግሞ ይቆጨዋል።

በ1995 ከፋፍሎ የገዛው የደረሰበት ቁጭት ነው። 2,140 ዶላር አምልጦታል፤ ሆኖም ከገንዘቡ አልጎደለም፤ አትርፏልም። በ2007 በአንድ ጊዜ የገባው የደረሰበት ግን ጸጸት ነው። በአንድ ቀን ውሳኔ፣ በራሱ እጅ፣ በጫፉ ላይ ገዝቷል። አደጋው ያለው ጸጸቱ በሚያስከትለው ነገር ላይ ነው። በየካቲት 2009 ተጸጽቶ የሸጠ ሰው የ53 በመቶውን ጉድለት ቋሚ ኪሳራ አደረገው። በዚህ ዓይን ሲታይ ከፋፍሎ መግባት አንድ ሰው ለእርጋታው የሚከፍለው አረቦን ነው። እርጋታው ከሽያጭ ካዳነው አረቦኑ አልባከነም። ገበያው ወርዶም ሳይሸጥ ለሚይዝ ሰው ግን አላስፈላጊ ወጪ ነው።

ከፋፍሎ መግባት የሚበላሽበት ቦታ

ዕቅዱ በብዛት የሚፈርሰው መሐል ላይ ነው። ከ2007ቱ ገዥ ስድስተኛውን ክፍያ በመጋቢት 2008 ከፈጸመ በኋላ «ገበያው ይረጋጋ» ብሎ ያቆመውን እንመልከት። ቀሪውን 6,000 ዶላር ያስገባው ገበያው የቀድሞ ጫፉን ባለፈበት በመጋቢት 2013 መጨረሻ ከሆነ፣ ዕቅዱን ከፈጸመው ሰው 9 በመቶ ያነሰ አክሲዮን ይዟል። ለአምስት ዓመት የትርፍ ድርሻም በግማሹ ላይ ቀርቶበታል። ዘዴው የሚጠቅመው በወረደ ዋጋ ሲገዛ ነውና፣ ሲወርድ ያቆመ ሰው ዋጋ እያማከለ ሳይሆን ገበያ እየገመተ ነው። የብልሽቱ ምልክትም ቀላል ነው። የሚቀጥለው ግዢ ቀን በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በዜና መወሰን ሲጀምር ዕቅዱ ፈርሷል።

ሌላው ገደብ ወጪ ነው። በእያንዳንዱ ግዢ ላይ ዝቅተኛ የደላላ ክፍያ ካለ አሥራ ሁለት ጊዜ መግዛት አሥራ ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። ሻጭ በየቀኑ በማይገኝበት ጠባብ ገበያ ደግሞ በወሩ ቀን የሚፈለገው አክሲዮን ላይገኝ ይችላል። በጥር 2025 በይፋ የተከፈተውን የአዲስ አበባውን የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የሚያስቡ ሰዎችም ይህን አስቀድመው ደላላቸውን ቢጠይቁ ይበጃቸዋል።

የውሳኔው ቅደም ተከተል

ባለገንዘቡ መጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄ የአገባቡ አይደለም። አክሲዮን በግማሽ ቢወድቅ ከጠቅላላ ሀብቱ ስንት ብር ሲጎድል ሳይሸጥ መቆየት ይችላል? 12,000 ይዞ ከ3,600 በላይ መጉደሉን የማይችል ሰው በአክሲዮን የሚያስቀምጠው 7,200 ነው። ቀጥሎ ያንን ድርሻ ብቻ በአንድ ጊዜ ያስገባል። ይህም ካስፈራው በስድስት ወይም በአሥራ ሁለት ወር ይከፋፍለው፤ ቀኖቹንና መጠኑን አስቀድሞ በወረቀት ጽፎ ለደላላው ይስጥ፤ ቀሪው ገንዘብም ወለድ በሚያስገኝ ቦታ ይጠብቅ። ከዓመት በላይ የሚረዝም ክፍፍል የሚፈልግ ሰው ፍርሃቱ የሚነግረው ሌላ ነገር ነው፤ ለአክሲዮን የመደበው ድርሻ በዝቶበታል።