ከቃለ መጠይቅ በኋላ ምን ብሎ ማመስገን ይሻላል?

ጥያቄ፦ አንዲት የጉንችሬ አንባቢ ወልቂጤ ላይ ለሒሳብ ሠራተኝነት ተፈትናለች። ለፈታኟ ልትልክ ያሰበችው፦ «ክቡር ሆይ! ደግነትዎን የምገልጽበት ቃል የለኝም። ይህ ሥራ የሕይወቴ ሕልም ነው፤ ውለታዎን ዕድሜ ልኬን አልረሳም!» የሚል ነው። በዛ ይሆን?

መልስ፦ በዝቷል። ከሁሉ የሚከብደው «ውለታ» የሚለው ነው፤ ገና ያልወሰነን ሰው ባለውለታ ማድረግ እንደ ልመና ይቆጠራል። በዚያ ላይ መልእክቱ ለየትኛውም መሥሪያ ቤት ሊላክ ይችላል፤ የዕለቱን ውይይት የሚያስታውስ አንድም ነገር የለበትም።

ስለ ወር መጨረሻ ሥራ ተነጋግረው ከነበረ እንዲህ ቢባል ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ትናንት ጊዜ ሰጥተው ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ። በየወሩ መጨረሻ የባንኩ ሒሳብ ከመዝገቡ ጋር እንደሚመሳከር ነግረውኛል፤ በቀድሞ ሥራዬም ይህንኑ እሠራ ነበር። ተጨማሪ ማስረጃ ካስፈለገ አቀርባለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

ልምዱ ከሌላት «በቀድሞ ሥራዬም» የሚለው ሐረግ እስከ «እሠራ ነበር» ድረስ ይውጣ። መልእክቱ በማግስቱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይላክ።