እየበሉ መክሳት፦ የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ ሲሠራ

ዕድሜዋ ወደ 50 የተጠጋ አንዲት የአጥቢያችን እናት አለች እንበል። ለብዙ ዓመታት አንገቷ ላይ እንቅርት ነበራት፤ ስለማያማት ትታዋለች። ካለፉት ጥቂት ወራት ወዲህ ግን ከወትሮው አብልጣ እየበላች ቀሚሷ ይሰፋታል፤ በቀን አራትና አምስት ጊዜም ወደ መጸዳጃ ቤት ትመላለሳለች። ቤተ ሰቧ የአንጀት ትል ነው ብሎ መድኃኒት ገዛላት፤ ለውጥ አልመጣም። ጎረቤት ደግሞ ጾሙ ነው ያከሳት ይላል። እነዚህ ሦስት ምልክቶች ከአንዲት ዕጢ እንዴት እንደሚመነጩ እንመልከት።

ታይሮይድ በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች የምትገኝ ዕጢ ናት። የምታመነጨው ሆርሞን በደም እየተጓዘ የሰውነት ሕዋሳት ማገዶአቸውን በምን ፍጥነት እንደሚያነድዱ ይወስናል። ሆርሞኑ ሲበዛ ሰውነት በእንቅልፍ ጊዜ እንኳ ብዙ ያነድዳል። ሙቀቱ፣ ላቡና የልብ ምቱ መፍጠን ከዚሁ የሚመጡ ናቸው።

በቁጥር እንየው። እኚህ እናት ዕረፍት ላይ ሳሉ ሰውነታቸው በቀን 1,400 ኪሎ ካሎሪ ያነድድ ነበር፤ አሁን በግማሽ ጨምሮ 2,100 ሆነ እንበል። አንጎል ጉድለቱን ተረድቶ ረኃብን ያነሣሣል፤ እርሳቸውም 400 ጨምረው ይበላሉ። የቀረው 300 ከሰውነታቸው ይወሰዳል፤ በወር 9,000 ይሆናል፣ ይህም ከአንድ ኪሎ ስብ በጥቂቱ ይበልጣል። የሚነድደው ግን ስብ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻም ይቀልጣል። ስለዚህ ከስግደት ለመነሣት በእጃቸው መሬቱን ሲደገፉ ብናይ እርጅና ነው ብለን አንለፈው።

አንጀትም ከዚህ ፍጥነት አያመልጥም። ጡንቻው ቶሎ ቶሎ እየተኮማተረ ምግቡን ስለሚገፋው ውኃውና ስቡ በሚገባ ሳይመጠጥ ያልፋል። ሰገራው ብዙውን ጊዜ የላላና የሚደጋገም እንጂ እንደ ውኃ የሚፈስስ አይደለም። ደም ከታየበት ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። የክሳቱም ዋና ምክንያት ማገዶው መብዛቱ እንጂ ተቅማጡ አይደለም።

በሳንባ ነቀርሳ የከሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል። የስኳር ሕመምተኛ ግን እየበላ ሊከሳ ይችላል፤ እርሱን ብርቱ ጥማትና የሽንት መብዛት ይለዩታል። በሌላ በኩል በዕድሜ የገፉ የታይሮይድ ሕመምተኞች የምግብ ፍላጎታቸው ጨርሶ ሊጠፋ ስለሚችል፣ ምልክቶቹ አልተሟሉም ተብሎ ምርመራው መቅረት የለበትም።

ምርመራው የደም ነው። በውጤቱ ላይ ቲኤስኤች ዝቅ ብሎ ሲታይ ዕጢዋ የደከመች ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ቲኤስኤች ከአንጎል ሥር ካለች ሌላ ዕጢ የሚላክ «ሥሪ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ትእዛዙ ይቋረጣል። ሕክምናው ሆርሞኑን ሲያወርድ ሰገራው ይስተካከላል፣ ክብደቱም ይመለሳል። የአበላል ልማዱ ግን እንደ ቀድሞው ከቀጠለ ክብደቱ ከነበረበት አልፎ ሊጨምር ይችላል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አይገባም።